የተቀዳ ቃለ መጠይቅን ለዜና ማሳጠር፦ በስም የሚጠቀሰውን ቃል ከጨዋታው መለየት

አርባ ሁለት ደቂቃ የተቀዳ ቃለ መጠይቅ ይዞ ዜና ክፍል የገባ ጋዜጠኛ እጁ ላይ ያለው አንድ ፋይል ነው። ፋይሉ ውስጥ ያለው ንግግር ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ሰውዬው በኃላፊነቱ የተናገረው፣ ከሌላ የሰማው፣ “ይሄን አትጻፊው” ብሎ የነገረው፣ ሊሸኝ ሲነሳ የጣለው ቀልድ፣ ሁሉም በአንድ ድምፅ ተከታትለው ተቀምጠዋል። ረጅሙን አጭር ማድረግ ብቻ ቢሆን ሥራው ቀላል ነበር። አስቸጋሪው የትኛው ቃል በሰውዬው ስም ለአንባቢ ሊቀርብ እንደሚችል መወሰኑ ነው።

ሥራውን በአንድ ምሳሌ እንከተለዋለን። ምሳሌው ለማሳያ የተዘጋጀ ነው። ከፒያሳ ወደ ቸርችል ጎዳና በሚወርድ አንድ መንገድ ዳር 200 ሜትር የጎርፍ ማስወገጃ ቦይ እየተሠራ ነው እንበል። አንዲት ጋዜጠኛ መጋቢት 5 ቀን 2017 የሥራ ተቋራጩን ፕሮጀክት ማናጀር በቆርቆሮዋ የሳይት ቢሮ ውስጥ አነጋገረች። የምትጽፈው ዜና ከ150 ቃላት አይበልጥም።

ከማድመጥ በፊት

መጀመሪያ ፋይሉን ኮምፒውተር ላይ ወይም ሌላ ቦታ ቅዱና ዋናውን አትንኩት። ከዋናው ላይ ቆርጦ ማስተካከል ኋላ “እንዲህ አላልኩም” የሚል ሰው ሲመጣ ማስረጃችሁን ያበላሸዋል። ብዙ ስልኮች ፋይሉን በፈረንጆች ቀን ነው የሚሰይሙት፤ ያንን እንዳለ ትታችሁ የኛን ቀን በወር ስም ጨምሩበት፦ `20250314_መጋቢት5_ቦይ.m4a`። ወሩን በቁጥር አድርጋችሁ `2017-07-05` ብትሉት ከሁለት ወር በኋላ የሚከፍተው ባልደረባ ጁላይ ብሎ ሊያነበው ይችላል።

ቀጥሎ ቀረጻው የማይነግራችሁን ነገር በግማሽ ገጽ ጻፉ። ራሳችሁን ምን ብላችሁ አስተዋወቃችሁ? ስልኩ ሰውዬው በሚያየው ቦታ ነበር? መቅዳት ከመጀመሩ በፊት ምን ተስማማችሁ? ከሁሉ የሚሻለው ይህ ስምምነት ራሱ ቀረጻው መግቢያ ላይ መሰማቱ ነው፦ “ኢንጂነር፣ አሁን መቅዳት ጀምሬያለሁ፤ ለዜና ነው፤ በስምዎና በኃላፊነትዎ እጠቅስዎታለሁ፤ ይስማማሉ?” ይህ አሥር ሰከንድ ካለ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ንግግር ሁሉ፣ ሌላ ስምምነት እስካልተደረገ ድረስ፣ በስም የሚጠቀስ ነው። ከሌለ ግን የምታስታውሱትን በዚያው ቀን ጻፉት። በማግስቱ የሚጻፈው ትዝታ ሰውዬው የተናገረውን ሳይሆን እናንተ የፈለጋችሁትን መምሰል ይጀምራል።

የመጀመሪያው ማድመጥ፦ መዝገብ እንጂ ግልባጭ አይደለም

የአንድ ሰዓት ቀረጻ ቃል በቃል ለመገልበጥ ለለመደ ሰው እንኳ አራት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ለ150 ቃል ዜና ይህ አያስፈልግም። በምትኩ ሳታቋርጡ አንድ ጊዜ አድምጡና ርዕስ በተቀየረ ቁጥር ደቂቃውንና ሁለት ሦስት ቃል ብቻ ጻፉ። የተቀዳው እስኪያልቅ ድረስ አድምጡ፤ “አመሰግናለሁ” ከተባለ በኋላ ያለውን ዝለሉት የሚለው ፈተና ብርቱ ነው፣ ግን ብዙ ጊዜ ችግሩ ያለው እዚያ ነው።

ከዚህ በኋላ ቁጥር፣ ቀን፣ ስም ወይም ክስ ያለበትን ቦታ ብቻ ተመልሳችሁ ቃል በቃል ገልብጡ። ሰውዬው ያደናቀፈውን፣ የደገመውን፣ “እ…” ያለውን ጭምር እንዳለ ጻፉት። ማሳመር ኋላ ይደርሳል፤ አሁን ካሳመራችሁት ግን ጥርጣሬውን ከእርግጠኝነቱ የምትለዩበት ምልክት ይጠፋል። የማናጀሩ ቀረጻ እንዲህ ወጣ፦

03:10 — “ከቦዩ ሰባ በመቶው አልቋል።”

05:02 — “በእግዚአብሔር ፈቃድ እስከ ሰኔ ሠላሳ እናስረክባለን።”

11:40 — “ክፍያ ዘግይቶብናል። የጥርም የየካቲትም ሰርተፊኬት እስከ ዛሬ አልተከፈለም።”

14:20 — “የቀረን እኮ ስልሳ (ሠላሳ?) ሜትር ነው።”

19:05 — “ከታች በኩል የገባው ቱቦ ጥራቱ ደህና አይደለም አሉ።”

27:30 — “ይሄን አትጻፊው እንጂ፣ አማካሪው ስዕሉን ሁለት ጊዜ ነው የቀያየረብን።”

38:20 — (ቆመው፣ እየሳቁ) “ሰኔ ሠላሳ ያልኩሽ እንኳ… እግዜር ያውቃል፤ ዝናቡ ከቀደመን አለቀልን።”

ሰባት መስመር ነው። ዜናው የሚወጣው ከእነዚህ ነው፤ ስህተቱም እንደዚያው።

ድንበሩን መፈለግ

አሁን እያንዳንዱ መስመር በምን ስምምነት እንደተነገረ ትወስናላችሁ። በዜና ክፍሎቻችን “ኦን ሪከርድ”፣ “ኦፍ ሪከርድ” የሚባለው ብዙ ጊዜ እንደ ስሜት ይወሰዳል፤ ሰውዬው ድምፁን ዝቅ ካደረገ ኦፍ ሪከርድ ነው፣ ጮክ ካለ ኦን ሪከርድ ነው እንደማለት። ስምምነት ነው እንጂ ስሜት አይደለም። ሁለት ሰዎች ያስፈልጉታል፤ ቃሉ ከመነገሩም በፊት መደረግ አለበት። ስለዚህ ኃላፊ የሆነና ከጋዜጠኛ ጋር መነጋገሩን የሚያውቅ ሰው ተናግሮ ከጨረሰ በኋላ “ይሄንንማ ተይው” ቢል ልመና ነው፤ ልታከብሩለት ትችላላችሁ፣ ግዴታ ግን አልገባችሁም።

27:30 ላይ ያለው ግን የተለየ ነው። “ይሄን አትጻፊው እንጂ” ያለው አስቀድሞ ነው። ወሳኙ ከዚያ በኋላ ጋዜጠኛዋ ያለችው ነው፤ ፋይሉን ስትከፍቱ “እሺ፣ ይቀጥሉ” ትላለች። እዚህ ላይ ብዙዎች ይወድቃሉ። “እሺ” በአማርኛ ከአፍ የሚወጣው ሳይታሰብ ነው፤ “እየሰማሁ ነው” ለማለትም፣ “ተስማምቻለሁ” ለማለትም እንለዋለን። ሰውዬው የሰማው ሁለተኛውን ነው፤ ተማምኖም ነው የቀጠለው። ስለዚህ ቃል ተገብቷል፤ ስለ ስዕሉ የተነገረው ዝግ ነው። ጋዜጠኛዋ መስማማት ካልፈለገች ማለት የነበረባት “ኢንጂነር፣ ካልጻፍኩት አይንገሩኝ፤ ወይስ ስምዎን ሳልጠቅስ ልጠቀምበት?” ነበር። ይህ ጥያቄ ሦስት በር ይከፍታል፦ በስም፣ ያለ ስም፣ ወይም ጭራሽ አለመስማት።

ድንበሩ መቼ እንደሚዘጋም ፈልጉ። ማናጀሩ ስለ ስዕሉ ተናግሮ ሲጨርስ ወደ ሲሚንቶ ዋጋ ተሻገረ። ሲሚንቶውም ዝግ ነው? በቀረጻው ላይ “ወደ ጽሑፉ እንመለስ” ያለ የለም። እንዲህ ሲሆን ጥርጣሬው ለተናጋሪው ይቆጠራል፦ ርዕሱ በግልጽ ተቀይሮ ጋዜጠኛዋ አዲስ ጥያቄ እስከጠየቀችበት ቦታ ድረስ ያለውን ዝግ አድርጉት፤ ከዚያ በኋላ ያለውን መልሱ። በምሳሌያችን አዲሱ ጥያቄ 30:15 ላይ ነው፤ የሲሚንቶው ወሬ ከዚያ በፊት ስለሆነ አብሮ ተዘጋ።

ሕጉን ስለማያውቁ ሰዎች አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል። ማናጀሩ ከጋዜጠኛ ጋር መነጋገር የሥራው አካል ነው። ከሳይቱ ማዶ ሱቅ ያላት ሴት ግን ማይክ አይታ አታውቅ ይሆናል። እሷ ስለ ጎረቤቷ በጨዋታ መሀል የተናገረችው ቀረጻው ላይ ስላለ ብቻ በስሟ አይወጣም፤ “እናቴ፣ ይሄ በስምዎ ይጻፋል፤ ይሁን?” ብሎ መጠየቅ ግዴታ ነው። ሥልጣን ያለውን ሰው በተናገረው ያዙት፤ ሥልጣን የሌለውን ደግሞ ከገዛ ንግግሩ መጠበቅ የናንተ ሥራ ነው።

አምስት ምልክት

ድንበሩ ከታወቀ በኋላ ለእያንዳንዱ መስመር ከአምስቱ አንዱን ስጡ፦ *ቃል* (ራሱ የሚያውቀውንና ኃላፊነት የሚወስድበትን)፣ *ግምት* (ዕቅድ፣ ትንቢት፣ አስተያየት)፣ *ወሬ* (ከሌላ የሰማው)፣ *ጨዋታ* (ቀልድ፣ ምሬት፣ የስንብት ወግ)፣ *ዝግ* (ላለመጻፍ ቃል የተገባበት)። ዜና ውስጥ በቀጥታ የሚገቡት የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ናቸው። ሦስተኛውና አራተኛው መነሻ ይሆናሉ እንጂ ጥቅስ አይሆኑም። አምስተኛው ከመዝገባችሁ አይወጣም።

03:10 እና 11:40 ቃል ናቸው፤ የሥራውን ደረጃም የራሱን ክፍያም እሱ ነው የሚያውቀው። 05:02 ግምት ነው። “በእግዚአብሔር ፈቃድ” ስላለ ግን “ተጠራጥሯል” እንዳትሉ፤ ነገ ምሳ እበላለሁ ለማለትም እንዲሁ እንላለን። እንደ ዕቅድ ያዙትና እለፉ። “ይመስለኛል” የሚለውም እንደዚያው ነው፤ ብዙ ሰው በወረቀት ያየውን ነገር እንኳ ለትሕትና “ይመስለኛል” ብሎ ነው የሚናገረው። ከድምፁ መለየት አትችሉም፤ ደውላችሁ “በሰነድ አይተውታል ወይስ ግምትዎ ነው?” ብላችሁ ጠይቁ።

19:05 ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። “ጥራቱ ደህና አይደለም አሉ” የሚለው ዓረፍተ ነገር በጽሑፍ ሲታይ ሦስት መልክ አለው። “አሉ” አንቱ የሚባል አንድ ሰው፣ ለምሳሌ የአማካሪው መሐንዲስ፣ ተናገረ ማለት ሊሆን ይችላል። ብዙ ሰዎች ተናገሩ ማለትም ሊሆን ይችላል። ሦስተኛው “ይባላል” ነው፤ ባለቤት የሌለው ወሬ። የመጀመሪያው ትልቅ ዜና ነው፤ ሦስተኛው ምንም አይደለም። የሚለየው ዙሪያው ነው። ሠላሳ ሰከንድ ወደ ኋላ ተመልሳችሁ አድምጡ፦ 18:35 ላይ ማናጀሩ “ባለ ሱቆቹ ይመጣሉ፣ ያያሉ፣ ያወራሉ” ይላል። ስለዚህ ወሬ ነው። “ማናጀሩ የቱቦው ጥራት ችግር እንዳለበት አመኑ” ብሎ የጻፈ ጋዜጠኛ ያልተነገረ ነገር ጻፈ ማለት ነው፤ ሆኖም ቀረጻውን ቆርጦ ቢያሰማ “አለ እኮ” ብሎ ሊከራከር ይችላል። ለዚህ ነው ማንኛውንም ክስ ከመጥቀሳችሁ በፊት ሠላሳ ሰከንድ ከፊት፣ ሠላሳ ሰከንድ ከኋላ ማድመጥ ያለባችሁ።

የአክብሮት አጠራር ሌላም ቦታ ያሳስታል። “ወሰኑ”፣ “ከለከሉ”፣ “መጥተው ነበር” የሚሉት ለአንድ የተከበረ ሰውም ለብዙም እኩል ናቸው። በውይይቱ ጊዜ በእጅ ወይም በዓይን ያመለከተው ሰው ይኖራል፤ መቅረጫው ግን አያይም። “ማን ናቸው የወሰኑት?” የሚለው ጥያቄ ቃለ መጠይቁ ላይ ካልተጠየቀ በስልክ ይጠየቅ። “እነማን” ብሎ ገምቶ መጻፍ አንድ ሰው የሠራውን መሥሪያ ቤት ሙሉ ላይ መጫን ነው።

“አዎ” ያልተባለበት አዎ

ከሁሉ ይልቅ አንባቢን የሚያሳስተው ይህ ነው። ሰው ሲያዳምጥ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ስቦ “ህእ” ይላል። ፊት ለፊት ስንሆን “እየተከታተልኩሽ ነው” ማለት እንደሆነ እናውቃለን። ቀረጻ ላይ ግን ማረጋገጫ ይመስላል። ጋዜጠኛዋ 12:05 ላይ “ስለዚህ አሠሪው መሥሪያ ቤት ገንዘብ የለውም ማለት ነው?” ስትል ማናጀሩ ትንፋሹን ይስብና ዝም ይላል፤ ከዚያ ስለ ሠራተኞቹ ደሞዝ ያወራል። ይህ አዎ አይደለም። ምልክት አይሰጠውም፤ ከመዝገቡ ይውጣ።

“አዎ” በግልጽ ሲባልም ጥያቄውን አብራችሁ ጻፉ። ጥያቄው በአሉታ ከሆነ፣ “እስካሁን አልጀመራችሁም?” ሲባል “አዎ” ማለት “አዎ፣ አልጀመርንም” ሊሆን ይችላል፤ “አይ፣ ጀምረናል” ለማለትም በችኮላ “አዎ አዎ” የሚል አለ። ሙሉ ዓረፍተ ነገር ካልተከተለው በቀር አትጠቀሙበት። ጥያቄው መልሱን ተሸክሞ ከመጣ ደግሞ፣ ቃሉ የጋዜጠኛዋ እንጂ የተጠያቂው አይደለም። “ክፍያው መዘግየቱ ሥራውን አጓቷል?” “አዎ።” ከዚህ ውስጥ በትምህርተ ጥቅስ የሚገባ ነገር የለም። የሚጻፈው “የክፍያው መዘግየት ሥራውን አጓትቶ እንደሆነ ተጠይቀው አዎ ብለው መልሰዋል” ነው፤ “‘የክፍያው መዘግየት ሥራችንን አጓቶታል’ ብለዋል” ከተባለ ግን ጥቅሱ የፈጠራ ነው።

ቁጥርና ቀን

14:20 ላይ ቅንፍ ያደረግንበት ቁጥር አለ። ሚኒባስ እያለፈ፣ ረዳቱ እየተጣራ፣ “ስልሳ” እና “ሠላሳ” አይለዩም። “ሰባ” እና “ሰባት”፣ “ዘጠና” እና “ዘጠኝ”ም እንዲሁ ናቸው። ፍጥነቱን ወደ 0.75 ቀንሳችሁ በጆሮ ማዳመጫ አድምጡ፤ ቀጥሎ ከሌላው ቃሉ ጋር አስማሙት። ቦዩ 200 ሜትር ነው፤ ሰባ በመቶው አልቋል ካለ 140 ሜትር ተሠርቷል፤ የቀረው 60 ነው። ስልሳ ነው ያለው ማለት ነው። ባይገጥም ኖሮ ከሁለቱ ቁጥሮች አንዱ ስህተት ነው፤ የትኛው እንደሆነ የሚያውቀው ግን እሱ ብቻ ስለሆነ ሁለቱንም ሳትጽፉ ትደውሉ ነበር። ቢገጥምም ደውሉ፤ ሒሳቡ ጆሯችሁን ያግዛል እንጂ ማረጋገጫ አይሆንም።

“ባለፈው ዓመት” ሲባል የቱ ዓመት እንደሆነ ጠይቁ። ከመንግሥት ገንዘብ ጋር የሚሠራ ሰው ዓመቱ ከሐምሌ 1 ይጀምርና ሰኔ 30 ያልቃል፤ ለአንባቢው ግን ዓመት መስከረም 1 ነው። “ሦስተኛው ሩብ ዓመት” ካለም ከጥር እስከ መጋቢት ማለቱ ነው፤ ዜናው ላይ የወሮቹን ስም ጻፉ። “እስከ ዛሬ አልተከፈለም” የሚለው “ዛሬ” ደግሞ የቀረጻው ቀን ነው፤ ዜናው በሦስተኛው ቀን ከወጣ “እስከ መጋቢት 5” ብላችሁ ቀይሩት።

ቃሉና ጨዋታው ሲጋጩ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ደረስን። 05:02 ላይ በኃላፊነት “እስከ ሰኔ ሠላሳ እናስረክባለን” ያለ ሰው፣ 38:20 ላይ እየሳቀ “እግዜር ያውቃል” አለ። ሁለተኛው ንግግር ሲነገር ቃለ መጠይቁ አልቋል፤ ጋዜጠኛዋ አመስግናለች፤ ሰውዬው ሊሸኛት ተነስቷል፤ ስልኩ ግን ጠረጴዛው ላይ እየቀዳ ነው። “ላለመጻፍ” የተገባ ቃል የለም። ታዲያ መጠቀም ይቻላል?

በጥቅስ አይቻልም፤ ምክንያቱም ሰውዬው ቃለ መጠይቁ ማለቁን በምስጋናው አውቋል፤ መቅረጫውም የጠፋ መስሎታል። ሳቁና ቆሞ መናገሩ ደግሞ ጨዋታ መሆኑን ይናገራሉ። “‘አለቀልን’ ሲሉ ማናጀሩ ስጋታቸውን ገለጹ” ብሎ መጻፍ እምነት ማጉደል ነው፤ በተጨማሪም ትርጉሙን ያዛባል። “አለቀልን” በሳቅ ሲባል እና በኅትመት ሲነበብ አንድ አይደለም።

ግን የሰማችሁትን እንዳልሰማችሁ ሆናችሁ “ቦዩ ሰኔ 30 ይጠናቀቃል” ብላችሁ ብትጽፉም አንባቢውን ዋሻችሁት። ጨዋታው የነገራችሁ እውነተኛ ነገር አለ፦ ቀኑ ከዝናቡ ጋር የተያያዘ ነው። ይህን በሩን አንኳኩታችሁ ውሰዱት። ደውሉና ስለ ቀልዱ ሳይሆን ስለ ጉዳዩ ጠይቁ፦ “ኢንጂነር፣ ለዜናው አንድ ነገር ላጣራ፤ አሁንም በስምዎ ነው የምጽፈው። ዝናቡ ከሰኔ 30 በፊት ቢበረታ የማስረከቢያው ቀን ይለወጣል?” ማናጀሩ እንዲህ መለሰ እንበል፦ “ዝናብ ውስጥ ኮንክሪት አንሞላም። ከቀደመን ሥራውን እናቆማለን፤ ቀኑም ይገፋል።” ይህ ቃል ነው። ጨዋታው እዚያው ፋይሉ ውስጥ ይቀራል፤ እውነቱ ግን ዜናው ላይ ወጣ። መልስ ካልሰጠ ደግሞ “ይጠናቀቃል” የሚለውን ትታችሁ “ለማስረከብ ማቀዳቸውን ተናግረዋል” በሉና አማካሪውን ወይም አሠሪውን መሥሪያ ቤት ጠይቁ።

ዝግ የሆነው የስዕሉ ጉዳይም በሌላ በር ሊገኝ ይችላል። ስዕል ሲቀየር ደብዳቤ ይጻፋል፤ አማካሪውን “ከውሉ ወዲህ የተለወጠ የዲዛይን ሥራ አለ?” ብሎ ለሁሉም በሚጠየቅ መልክ መጠየቅ ይፈቀዳል። “ማናጀሩ እንደነገሩኝ” ማለት ግን ቃል ማፍረስ ነው፤ “ከውስጥ እንደሰማሁት” ማለትም ያው ነው፤ በሁለት ሰው በሚሠራ ሳይት ላይ “ውስጥ” ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። በጨዋታም በዝግም የተነገረው ነገር ለሰው ሕይወት የሚያሰጋ ከሆነ፣ ለምሳሌ ክዳን የሌለው ጉድጓድ ወይም ሊደረመስ የደረሰ ግንብ ከተጠቀሰ፣ ብቻችሁን አትወስኑ፤ በዚያው ቀን ለአዘጋጁ ንገሩና ቦታውን በዓይናችሁ ሂዱ እዩ። ያን ጊዜ ዜናችሁ ያያችሁት ነው።

በስልኩ ላይ ቁጥሮቹንም አብራችሁ አጣሩ፦ ሰባ በመቶ፣ ስልሳ ሜትር፣ ጥርና የካቲት። ጽሑፉን ግን አትላኩለት። እውነታን ማጣራት አንድ ነገር ነው፤ ጽሑፍን ማስፈቀድ ሌላ። የላካችሁለት ቀን 11:40 ላይ ያለው የክፍያ ጉዳይ “ይቅር” ይባላል።

መጻፍ

ክፍያው ሌላ ወገንን ስለሚነካ አሠሪው መሥሪያ ቤት መልስ እስኪሰጥ ድረስ አይወጣም። መልሱ ከተገኘ በኋላ ማሳጠሩ እንዲህ ይሆናል፦

> ከፒያሳ ወደ ቸርችል ጎዳና በሚወርደው መንገድ ዳር እየተሠራ ካለው የ200 ሜትር የጎርፍ ማስወገጃ ቦይ 70 በመቶው መጠናቀቁን የሥራ ተቋራጩ ፕሮጀክት ማናጀር ተናገሩ።
>
> ማናጀሩ ቀሪውን 60 ሜትር ሠርተው እስከ ሰኔ 30 ለማስረከብ ማቀዳቸውን ገልጸው፣ ዝናቡ ከቀደመ ግን “ሥራውን እናቆማለን፤ ቀኑም ይገፋል” ብለዋል።
>
> የጥርና የየካቲት ወር የክፍያ ሰርተፊኬቶች ቃለ መጠይቁ እስከተደረገበት እስከ መጋቢት 5 ድረስ አለመከፈላቸውንም ተናግረዋል። አሠሪው መሥሪያ ቤት በበኩሉ ክፍያዎቹ በሂደት ላይ መሆናቸውን በስልክ በሰጠው ምላሽ ገልጿል።

በእውነተኛው ዜና የሰዎቹና የተቋማቱ ስም ይገባል። ከሰባቱ መስመሮች አራቱ ብቻ ገብተዋል፤ አንዱም የገባው በአዲስ ቃል ተደግፎ ነው። የቱቦው ወሬ፣ የስዕሉ ነገር፣ ሳቁ የሉም።

የንግግር ግሶቹን አንድ በአንድ እዩ። “ተናገሩ”፣ “ገለጹ”፣ “አሉ” ምንም አይጨምሩም፤ በነፃ ተጠቀሙባቸው። “አመኑ” ካላችሁ ሰውዬው ሲደብቀው የነበረ ጥፋት አለ ማለታችሁ ነው። “አረጋገጡ” ከሆነ ነገሩ እውነት መሆኑን እናንተም እየመሰከራችሁ ነው። “አስታወቁ” አዲስና ይፋዊ መግለጫ ነው፤ በሳይት ቢሮ ውስጥ ለተነገረ ወግ አይመጥንም። “አስጠነቀቁ” ደግሞ በጨዋታ የተባለውን ስጋት በኋላ በር የሚያስገባው ግስ ነው፤ ማናጀሩ ማንንም አላስጠነቀቁም።

በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ የሚገባው የተባለው ብቻ ነው። “እ…” እና መደጋገሙን ማውጣት ይፈቀዳል፤ ቃል መቀየር ግን አይፈቀድም፤ ከ14:20 እና ከ30:40 የተነገሩትን ሁለት ግማሾች አንድ ዓረፍተ ነገር አድርጎ መስፋትም እንዲሁ። ጥቅሱ ካልተመቸ ትምህርተ ጥቅሱን አንሱና በራሳችሁ ቃል ጻፉት።

ለአዘጋጁ ከማስረከባችሁ በፊት በረቂቁ ግራ ጠርዝ ላይ ከእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር አጠገብ ደቂቃውን ወይም “ስልክ፣ መጋቢት 6” ብላችሁ ጻፉ። ደቂቃ ያልተገኘለት ዓረፍተ ነገር ከራሳችሁ የመጣ ነው፤ ይሰረዝ።

ፋይሉን ለባልደረባ ስትሰጡ ሙሉውን በቴሌግራም ግሩፕ ላይ አትጣሉት። ከ27:30 እስከ 30:15 ያለው የዝግ ንግግር አብሮ ይሄዳል፤ ቃሉን የገባችው አንዲት ጋዜጠኛ ብትሆንም የሚሰሙት ሃያ ሰዎች ይሆናሉ። የሚያስፈልገውን ክፍል ብቻ ቆርጣችሁ ላኩ፤ ዋናውን ፋይል ከመዝገቡ ጋር ለብቻው አስቀምጡት።